ኅዳር ሁለት ወር ነው፦ ለትንሽ ምግብ ቤት የአንድ ወር የፖስት ካላንደር

*«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ከባለቤቴ ጋር ትንሽ ምግብ ቤት አለን። ጠረጴዛዎቻችን ዘጠኝ ናቸው። የቴሌግራም ቻናል አለን። ቲክቶኩን የእህቴ ልጅ ታንቀሳቅሰዋለች። ችግራችን ሥርዓት ማጣት ነው። አንድ ሳምንት በየቀኑ እንለጥፋለን፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት ዝም። የምንለጥፈውም የምግብ ፎቶና ዋጋ ብቻ ነው። መስከረም ላይ በያይነቱ ላይ 20 በመቶ ቅናሽ ብለን ነበር። ሰው መጣ፣ ቤቱ ሞላ፣ ሒሳቡን ስንሠራ ግን የተረፈን የለም። በያይነቱን 220 ብር እንሸጣለን፤ እኛን ወደ 130 ብር ያወጣናል። ለኅዳር በካላንደር መሥራት እንፈልጋለን። ስንቱ የምግብ፣ ስንቱ ከጓዳ፣ ስንቱ የቅናሽ ይሁን? ከየት እንጀምር?»*

*— የምግብ ቤት ባለቤት፣ ከቱሉ ዲምቱ*

ሰላም እህታችን፣

ቁጥሩን ቀድሜ ልንገርዎትና ምክንያቱን አብረን እንየው። ለኅዳር 2018 አሥራ አምስት ፖስት ይበቃዎታል። ስምንቱ የምግብ፣ አምስቱ ከጓዳ፣ ሁለቱ የኦፈር። በአማካይ በሁለት ቀን አንድ ማለት ነው። ግን እኩል አይከፋፈልም። አንዳንድ ሳምንት ይጨናነቃል፣ አንዳንዱ ይሳሳል። የሚወስነው ደግሞ ስልክዎ ሳይሆን ድስትዎ ነው።

ብዙ ሰው ካላንደር ሲሠራ «ሰኞ የምግብ፣ ረቡዕ የጓዳ፣ ዓርብ የቅናሽ» ብሎ ይጀምርና ወሩን ሙሉ ይደግመዋል። ይህ አካሄድ ፈረንጅ አገር ይሠራ ይሆናል። እኛ ጋ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ኅዳር ላይ ደግሞ ወሩ መሐል ለመሐል ይሰነጠቃል። ከ1 እስከ 14 ፍስክ ነው፣ ከ15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ይገባል። የመጀመሪያው ግማሽ ደንበኛዎ ክትፎ የሚፈልግ ሰው ነው። ሁለተኛው ግማሽ ያው ሰውዬ መጥቶ «ሽሮው ቅቤ ነክቶታል?» ብሎ ይጠይቃል። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ካላንደር አይሆንም።

ስለዚህ አንድ ወረቀት ያምጡና 30 ሳጥን ይሥሩ። የእኛ ወር 30 ቀን መሆኑ እዚህ ላይ ጠቅሞናል። በእያንዳንዱ ሳጥን ላይ የእኛን ቀንና የፈረንጁን ቀን አብረው ይጻፉ። ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጁን ነውና። ኅዳር 1 ሰኞ ነው፣ በፈረንጁ ኖቬምበር 10። ፖስት ምን እንደሚሆን ገና አያስቡ። መጀመሪያ በቀይ እስክርቢቶ የማይንቀሳቀሱትን ነገሮች ያስገቡ።

እነዚህ ናቸው። ረቡዕና ዓርቦቹ በሙሉ። 12 የኅዳር ሚካኤል፣ ዘንድሮ ዓርብ ላይ ውሏል። 14 ቅበላ፣ እሑድ ነው። 15 ሰኞ ጾሙ ይገባል። 21 ጽዮን ማርያም፣ እሱም እሑድ። ከዚያ የደመወዝ ቀኖች። እናንተ ሰፈር ሁለት ዓይነት ደመወዝተኛ አለ። የመንግሥት ሠራተኛው የሚከፈለው በእኛ ወር መገባደጃ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛው በአብዛኛው በፈረንጁ ወር መጨረሻ ይከፈለዋል፣ ዘንድሮ ኅዳር 21 አካባቢ መሆኑ ነው። እነዚህን በወረቀቱ ላይ ሲያዩአቸው ወሩ ራሱ ይናገራል። የመጀመሪያው ሳምንት የጥቅምት ደመወዝ ገና በኪስ አለ። ከ8 በኋላ ኪስ ይሳሳል። ቅበላ ላይ ሰው ተበድሮም ቢሆን ይበላል። ከ15 እስከ 18 ቤቱ ጭር ይላል። ከ20 በኋላ እንደገና ይነቃል።

አሁን ኦፈሮቹን ያስቀምጡ። ከምግቡም ከጓዳውም በፊት እነሱ ይገባሉ። ገንዘብ የሚያስወጡት እነሱ ብቻ ስለሆኑ ቦታቸውን በደንብ መምረጥ ያስፈልጋል።

የመስከረሙን ሒሳብ እንየው። በያይነቱ በ220 ሲሸጥ ከ130 ወጪ በኋላ 90 ብር ይተርፋል። 20 በመቶ ሲቀንሱ 44 ብር ሰጡ፣ የቀረው 46 ብር ነው። ያለ ቅናሽ በቀን 30 ሰሃን ቢሸጡ 2,700 ብር ይተርፍዎ ነበር። በቅናሹ ያንኑ ለማግኘት 59 ሰሃን መሸጥ አለብዎ። በዘጠኝ ጠረጴዛ፣ በምሳ ሰዓት፣ እጥፍ ሰው ማስተናገድ ማለት ነው። ደግሞ ከመጡት ውስጥ ስንቱ በ220 ሊበላ የነበረ የዘወትር ደንበኛ ነው? ለእሱ ያለ ምክንያት 44 ብር መለሱለት። ቤቱ ሞልቶ የተረፈ የጠፋው በዚህ ነው። አስተናጋጆቹ አልሰነፉም፣ ምግቡም አልከሰረም። ዋጋው ራሱ ነው።

ከቅናሹ ይልቅ ይህን ይሞክሩ። «አራት ሆናችሁ በያይነቱ ብትበሉ ቡናው ከእኛ።» አንድ ስኒ ቡና እርስዎን ስንት እንደሚያወጣ ከልብ ያስሉት፤ ስኳሩም ከሰሉም ይግባ። 12 ብር ነው እንበል። አራት በያይነቱ 360 ብር ያተርፋል። አራት ቡና 48 ብር ይወስዳል። 312 ብር ቀረ። በ20 በመቶው ቅናሽ ከአራት ሰሃን የሚቀረው 184 ነበር። እርግጥ ከአራቱ ሁለቱ ቡናውን በገንዘባቸው ሊጠጡ ይችሉ ነበር፣ ያንን ሽያጭ ያጣሉ። ስኒውን በ30 ብር የሚሸጡ ከሆነ ከሁለቱ ስኒ ያጡት ትርፍ 36 ብር ነው። ያም ሆኖ ከቅናሹ ይሻላል። ሌላም ጥቅም አለው። ብቻውን የሚመጣው ሰው ሦስት ሰው ይዞ ይመጣል።

ይህ ኦፈር የሚገባው 16 ማክሰኞ ላይ ነው። የሚሠራውም ለሦስት ቀን ምሳ ብቻ፣ ከ16 እስከ 18። ጾም በገባ ሰሞን ሰው ቤቱ ይበላል፣ ሥጋ ለምዶ የነበረው ደንበኛ ገና እግሩን ወደ ጾም ምግብ አላዞረም። ባዶ ወንበር የሚሞላ ኦፈር የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ፖስቱ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን በግልጽ ይጻፉ፦ «ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከ6 እስከ 8 ሰዓት»። መጨረሻው ያልተጻፈ ኦፈር አስተናጋጅ ያጣላል። አምስተኛው ቀን ላይ አንዱ መጥቶ «ቻናላችሁ ላይ አለ» ይላል፣ እውነቱንም ነው። ሐሙስ ማታ ፖስቱን ከፍተው «ተጠናቋል» ብለው ያርሙት።

ሌላው ኦፈር 8 ሰኞ ላይ ይቀመጥ። ይህኛው ምንም አያስወጣዎትም። እናንተ ሰፈር ማታ ከሥራ የሚመለስ ሰው ምግብ ይዞ ቤቱ መግባት ይወዳል። ቴካዌይ ሲወስድ ለዕቃው ታስከፍሉታላችሁ። «ከሰኞ እስከ ሐሙስ ማታ ምሳ ዕቃ ይዞ ለመጣ የዕቃ አይከፈልም» በሉ። ዕቃውን ስላልሰጡ ወጪ የለብዎትም። ደንበኛው ግን ገንዘብ ቀረለት። ኪስ የሳሳበት ሳምንት ስለሆነም ይታወቅልዎታል።

ሁለቱ ኦፈሮች እነዚህ ናቸው። ሦስተኛ አይጨምሩ። በተለይ ቅበላ ላይ ምንም እንዳያስቡ። ኅዳር 14 ቤቱ በራሱ ይሞላል። ለሞላ ቤት ቅናሽ መስጠት ገንዘብ መጣል ነው። ለቅበላ የሚያስፈልግዎ ሌላ ነገር ነው፣ ቀድሞ ማወቅ። ስንት ኪሎ ሥጋ ልግዛ? ስንት ሰው ይቀመጣል? 11 ሐሙስ ማታ የቅበላውን ሜኑ ይለጥፉና ቦታ ያስይዙ። «እስከ ቅዳሜ ማታ ድረስ ደውሎ ግማሹን በቴሌብር የከፈለ ጠረጴዛው ይጠበቅለታል» ይበቃል። ያልከፈለ ሰው አለመምጣቱ እሑድ ምሳ ሰዓት ላይ ነው የሚታወቀው፤ ያኔ ሥጋው ተገዝቷል።

አሁን የምግቡን እናስገባ። ስምንቱ የሚወድቁት 2፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 15፣ 20 እና 24 ላይ ነው። ዋናው ሕግ አንድ ነው። ፖስቱ የሚወጣው ሰው ስለዚያ ምግብ በሚያስብበት ሰዓት ነው። ማክሰኞ 2 ቅቅል። ዓርብ 5 ተጋቢኖ፣ ጾም ስለሆነ። እሑድ 7 ክትፎ። 11 የቅበላው ሜኑ። 13 ቅዳሜ የቅበላው ማስታወሻ። 15 ሰኞ ሙሉ የጾም በያይነቱ። 20 ቅዳሜ ማታ ለእሑድ ጽዮን ማርያም የሚሆን ትልቅ የቤተሰብ ትሪ፤ የግል ድርጅቱ ደመወዝም እዚያው አካባቢ ይገባል፣ ትልቅ ነገር የሚሸጥበት ቀን ነው። 24 ረቡዕ አንድ ያልተለመደ ነገር፣ ለምሳሌ የሱፍ ፍትፍት ወይም ስልጆ። በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ሰው ሽሮ ይሰለቸዋል።

ረቡዕ ጠዋት ክትፎ መለጠፍ ነውር አይደለም፣ ግን ከንቱ ነው። ያየው ሰው አይመጣም። አንዳንዱም ቅር ይለዋል።

«ጾም የማይጾሙትስ?» ይሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በጾሙ ወቅት ለፕሮቴስታንትና ለማይጾም ደንበኛ ሥጋ መኖሩን ማሳወቅ ይገባል፣ ግን በአንድ ፎቶ ከጾሙ ጋር አያደባልቁት። ቻናሉ አናት ላይ በተሰካ አጭር ጽሑፍ «የፍስክ ምግብም አለን» ቢሉ ይበቃል። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ ደግሞ በተቃራኒው ነው። አብዛኛው ሙስሊም ሥጋ ከሙስሊም ቤት እንጂ ከእናንተ አይበላም። በያይነቱ ግን ይበላል። ስለዚህ የጾም ሜኑዎ ከሚያስቡት በላይ ሰፊ ገበያ አለው። ዓሣን በተመለከተ ሰው አይስማማም። በጾም ዝርዝር ውስጥ አይክተቱት፣ ለብቻው ይጻፉት፣ የሚበላው ራሱ ይመርጣል።

አሁን ወደ ጓዳው። እኔ ከሁሉም በላይ የማስበው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ቤቶች የጓዳ ፖስት ሲሉ የሚለጥፉት ሼፉ በሙዚቃ ሲጨፍር ነው። ያስቃል፣ ላይክ ያመጣል፣ ሰሃን አያሸጥም። የጓዳ ፖስት ሥራው ደንበኛው አፍ አውጥቶ የማይጠይቀውን ጥያቄ መመለስ ነው። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ በሆዱ የሚያጉረመርመውን። ሥጋው የመቼ ነው? ሰላጣው ታጥቧል? እንጀራው ጤፍ ብቻ ነው? ጾም ሲገባ ደግሞ ትልቁ ጥያቄ ይመጣል። ትናንት ክትፎ የተለበለበበት መጥበሻ ላይ ነው ዛሬ የእኔ ሽሮ የሚንተከተከው?

ይህን ጥያቄ የሚመልሰው 14 ማታ ላይ የሚወጣው ፖስት ነው። የወሩ ትልቁ ፖስት ይህ ነው ባይ ነኝ፣ ከቅበላውም ከኦፈሩም ይበልጣል። የቅበላው ደንበኛ ከሄደ በኋላ ድስቶቹ፣ መጥበሻዎቹ፣ ጭልፋዎቹ በፈላ ውኃ ሲታጠቡ ይቅረጹ። የጾሙ ዕቃ ለብቻው መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ያሳዩ። የቅቤው ዕቃ ተከድኖ ወደ ሌላ ጥግ ሲሄድ ያሳዩ። ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ይበቃል። ጽሑፉ አንድ መስመር፦ «ከነገ ጀምሮ የጾም ዕቃችን ለብቻው ነው።»

ግን እውነት መሆን አለበት። ካላደረጋችሁት አትለጥፉት። በጾም ወቅት ሥጋ መሸጥ የምትቀጥሉ ከሆነ ለጾሙ የተለየ ድስት፣ የተለየ መጥበሻ፣ የተለየ ቢላዋና መክተፊያ ያስፈልጋል። ዘይቱም መለየት አለበት። ዕንቁላል የተጠበሰበት ዘይት ተመልሶ ወደ ጾም ወጥ መግባት የለበትም። ይህን አስቀድመው ከወጥ ሠሪዋ ጋር ይነጋገሩ። ዕቃ መግዛት ካስፈለገም ጊዜ እንዲኖርዎ እስከ 10 ድረስ ይጨርሱት። ካላንደር የሚጠቅመው ለዚህም ነው፣ ፖስቱ ከሚወጣበት ቀን በፊት ጓዳው መዘጋጀት አለበት።

የቀሩት አራቱ የጓዳ ፖስቶች ቀላል ናቸው። 4 ሐሙስ የሽሮው እህል ሲለቀም ወይም ሲታመስ። 9 ማክሰኞ ሥጋው ሲከተፍ። ይህኛው ለቅበላ ያዘጋጃል፤ ሐሙስ የሚወጣውን ሜኑ ሰው ሲያይ ሥጋውን አስቀድሞ አይቶታል። 19 ዓርብ ጎመንና ቲማቲሙ በጠዋት ከአትክልት ተራ ገብቶ ሲታጠብ። 26 ዓርብ ቡና ሲቆላ፣ ወይም እንጀራ የምትጋግረው ሴት፣ ፈቃደኛ ከሆነች። ፈቃድ ያልኩት በከንቱ አይደለም። ሠራተኛን ሳይጠይቁ መቅረጽ፣ ከዚያ ቲክቶክ ላይ ማውጣት፣ ብዙ ቤት አጣልቷል። እጅ ብቻ ቢታይም ይበቃል። ደንበኛን ደግሞ ጨርሶ አይቅረጹ። አንዳንዱ የት እንደበላ እንዲታወቅበት አይፈልግም።

ከ26 በኋላ ያሉትን ቀኖች ባዶ ተዉአቸው። የሆነ ነገር ይመጣል። መብራት ይጠፋና አንድ ፖስት ይዘላል፣ ወይም ሰፈሩ ውስጥ ለቅሶ ይሆናል፣ ሰው ሁሉ እዚያ ነው፣ ፖስት አይወጣም። ባዶ ሳጥን ያንን ይሸከማል።

ስለ ሰዓት ጥቂት ልበል። የከተማ ዳር ምግብ ቤት ከመሐል ከተማው ይለያል። የእናንተ ደንበኛ ቀን ላይ ሰፈር ውስጥ የለም፣ ሥራ ቦታው ነው ያለው። ምሳ የሚበላላችሁ በአካባቢው የሚሠራው ነው፣ ግንባታ ላይ ያለው፣ የባንኩ ሠራተኛ፣ ወደ አዳማ መንገድ የሚወጣው ሾፌር። ለእነሱ የምሳ ፖስት ከጠዋቱ 4፡30 ላይ ይውጣ። ሰው «የት እንብላ» መባባል የሚጀምረው ያኔ ነው። የሰፈሩ ነዋሪ ግን ከሳሪስና ከቃሊቲ አቅጣጫ ታክሲና አውቶቡስ ሰልፍ ላይ ቆሞ ስልኩን የሚጎረጉረው ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። የማታ፣ የቴካዌይና የእሑድ ፖስት ለእሱ ነው፣ 11 ሰዓት ላይ ይውጣ። ቤቱ ከገባ በኋላ ያየው ፖስት ተመልሶ አያስወጣውም። የ14ቱ የዕቃ ማጠቢያ ብቻ ማታ 3 ሰዓት ላይ ቢሆን ችግር የለውም፣ ለማግስቱ ነውና።

በየሰዓቱ ስልክ ይዘው መቆም የለብዎትም። ቴሌግራም ላይ ፎቶውንና ጽሑፉን ካዘጋጁ በኋላ የመላኪያውን ቀስት ተጭነው ይቆዩ፣ Schedule Message የሚል ይመጣል። ቀኑንና ሰዓቱን ይመርጣሉ። ከዚያ ስልኩ ቢጠፋም፣ መብራት ባይኖርም ፖስቱ በሰዓቱ ይወጣል። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። የእኛ ጠዋት 4፡30 ለእሱ 10፡30 ነው፣ የእኛ ማታ 11 ለእሱ 17፡00 ነው። በእኛ ሰዓት «4፡30» ብለው ካስገቡት የምሳ ፖስትዎ ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣል፣ ሲነጋ ከሌሎች መልእክቶች ሥር ተቀብሯል። ይህ የብዙ ሰው ችግር ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ሁለቱንም ሰዓት ይጻፉ።

ቀድሞ የተቀመጠ ፖስት ግን አንድ አደጋ አለው። ምግቡ ያን ዕለት ላይኖር ይችላል። ሱፍ አልተገኘም፣ ፖስቱ ግን ወጣ፣ ሰው መጥቶ «የለም» ተባለ። ያ ሰው ሁለተኛ በፖስት አይመጣም። ስለዚህ ፖስት ባለበት ቀን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ወጥ ሠሪዋን አንድ ጥያቄ ይጠይቋት፦ «ዛሬ የተለጠፈው አለ?» ከሌለ ፖስቱ ሳይወጣ ወደ ሌላ ቀን ይገፋል። ይህን ሥራ ለአንድ ሰው ይስጡት፣ ለሁለት ሰው ከሰጡት ማንም አይጠይቅም።

ፎቶውን በየቀኑ ማንሳት ነው ሰውን የሚያደክመውና ሦስት ሳምንት ዝም የሚያስብለው። በወር ሁለት ጊዜ ብቻ ያንሱ። ለመጀመሪያው ግማሽ ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ለጾሙ ደግሞ ኅዳር 10 ረቡዕ ላይ። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ሽሮውም በያይነቱም በዚያ ቀን እንደተለመደው ይሠራል፣ ለፎቶ ተብሎ አይሠራም። ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ፣ በር ወይም መስኮት አጠገብ፣ የጣሪያው አምፖል ጠፍቶ። አምፖሉ ምስርን ቡኒ፣ ጎመንን ጥቁር ያስመስለዋል። ሽሮን በፎቶ አያንሱት፣ ሲንተከተክ በቪዲዮ ይሻላል። በያይነቱን ከላይ ወደ ታች። ክትፎን ከጎን። ሰሃኑ ላይ ያለው መጠን በቀን የምትሸጡት መጠን ይሁን። ለፎቶ ተብሎ የተከመረ ሰሃን ያየ ደንበኛ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብለት ስልኩን አውጥቶ ያስተያያል።

ዋጋ ሁልጊዜ ይጻፍ። የቫት ተመዝጋቢ ከሆናችሁ ቫቱ የተጨመረበት የመጨረሻው ዋጋ ይጻፍ። 220 ብር አይቶ የመጣ ሰው 253 ብር ደረሰኝ ሲሰጠው የሚሰማውን ያውቁታል።

ለእህትዎ ልጅ ደግሞ ይህን ይንገሯት። ቲክቶክ ላይ የሚያየው ሰው ሐዋሳ ሊሆን ይችላል። አሥር ሺህ ተመልካች አንድ ሰሃን ላያሸጥ ይችላል። ስለዚህ ቲክቶክ ላይ አምስቱን የጓዳ ፖስቶችና የቅበላውን ብቻ ታውጣ። በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች «ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም» የሚል ጽሑፍ ይታይ። ሜኑና ኦፈር በቴሌግራም ይሁን። ቻናሉ ውስጥ ያለው ሰው በአብዛኛው ሰፈርተኛ ነው፣ ፎቶውም ብዙ ዳታ አይበላም።

የሠራና ያልሠራ ፖስት የሚለየው በእይታ ብዛት አይደለም፣ በአስተናጋጁ ደብተር ነው። ፖስት በወጣበት ቀን የዚያ ምግብ ስንት ሰሃን እንደተሸጠ ይጻፍ። ከዚያ ካለፈው ሳምንት ተመሳሳይ ቀን ጋር ይተያይ። ዓርብን ከዓርብ ጋር፣ ሰኞን ከሰኞ ጋር። ከ16 እስከ 18 ያለውን የቡና ኦፈር ግን ካለፈው ሳምንት ጋር አያነጻጽሩት፣ ያኔ ፍስክ ነበረ። ከሚቀጥለው ሳምንት፣ ከ23 እስከ 25 ካለው ጋር ያስተያዩት። ኦፈሩ በነበረበትና ባልነበረበት መሐል ያለው ልዩነት በሰሃን ስንት ነው? በኦፈሩ ቀናት ከተሸጠው ሰሃን በአንዱ 78 ብር ያስሉ፣ ቡናው ተቀንሶ የሚቀረው ያ ነው። ያለ ኦፈሩ በ90። በኦፈሩ ቀን 30 ሰሃን ያለ ኦፈር ከሚሸጥ 26 ሰሃን ጋር እኩል ነው። ከዚያ በላይ ካልጨመረ ለታኅሣሥ አይድገሙት።

የታኅሣሡን ወረቀት ኅዳር 26 ላይ ይጀምሩ። እሱ ወር እስከ 28 ድረስ ጾም ነው፣ ገና 29 ላይ ይውላል። ከባዱ ግን የካቲት ነው። ሁዳዴ የካቲት 9 ሰኞ ይገባል፣ ረመዳንም ጨረቃ ታይታ በዚያው ሰሞን ይጀምራል። ቀን ላይ ቤታችሁ ከወትሮው ይቀዘቅዛል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ የሚያፈጥር ሰው አለ። የዚያን ወር የፖስት ሰዓቶች ከአሁኑ ካላንደር ገልብጠው እንዳያስገቡ፣ ከቀይ እስክርቢቶው እንደገና ይጀምሩ።